ሰባት ጊዜ የፈረመች ልጅ ቋሚ ናት ወይስ ኮንትራት?

ራሄል፦ በየሦስት ወሩ እየፈረመች የኖረች ልጅ «ውልሽ አልቋል» ስትባል ዝም ብላ ትሂድ? ወይስ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ ማለት ትችላለች? ነገሩን በአጭር ልብ ወለድ ጽፌዋለሁ፤ አንብቡና ተከራከሩ።

ሕይወት መጋዘን ውስጥ መዝጋቢ ናት። ከእሷ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ቋሚ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ቀን ለቆ ሄደ። እሷ በሦስት ወር ኮንትራት ገባች። ውሉ ላይ ምክንያቱ «ጊዜያዊ የሥራ መደራረብ» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ስድስተኛው ላይ አዲስ ወረቀት ማተም እንኳ ሰልችቷቸዋል፤ የድሮውን ቀን በነጭ ቀለም አጥፍተው በላዩ ጽፈዋል። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ቀን ይታያል።

በውሎቹ መሀል አምስት አምስት ቀን «ዕረፍት» አለ። አይከፈልበትም። ግን በነዚያ ቀናት የመጋዘኑን ቁልፍ የተረከባት ሰው የለም። ዕቃ ሲመጣ ይደወልላታል። ትሄዳለች፣ ካርቶኑን ትቆጥራለች፣ መረከቢያው ላይ ትፈርማለች፣ ፎቶ አንስታ ለግዢ ክፍሉ በቴሌግራም ትልካለች።

ሰባተኛው ውል አለቀ፤ ስምንተኛው አልመጣም። «በጀት እስኪለቀቅ ታገሺ፣ እንደውላለን» አሏት። ታገሠች። በአሥረኛው ሳምንት አንዲት የድሮ ባልደረባዋ ደወለች፦ «ወንበርሽ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። እሷም የሦስት ወር ናት።»

ዳዊት፦ የሰው ኃይል ላይ ስለምሠራ የአሠሪውንም ወገን ልናገር። ልጅቷ ሰባቱንም አንብባ ነው የፈረመችው። የተወሰነ ጊዜ ውል ጊዜው ሲደርስ በራሱ ያልቃል፤ ማባረር አይባልም። ያሳዝናል፤ ግን ማዘንና መብት ይለያያሉ።

ሜሮን፦ ኧረ ዳዊት! ከአንድ ዓመት በላይ የሠራ ሰው በራሱ ቋሚ ይሆናል እኮ። ይሄማ የታወቀ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ሜሮን ልጄ፣ መድረሻሽ ትክክል ነው፣ መንገዱን ግን ስተሻል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ውስጥ «ይህን ያህል ዓመት ከሠራ ቋሚ ይሆናል» የሚል አንቀጽ የለም። ብዙ ሰው ይህን ይዞ ችሎት ይቀርብና ይደናገጣል። ሕጉ የሚጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሠራሽ ሳይሆን ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዚያ ውጪ የሚሆነው አንቀጽ 10 የዘረዘራቸው ሁኔታዎች ሲኖሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻው ቋሚነት ነው፤ ኮንትራቱ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ዳዊት፦ ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ያሉት አንቀጽ 10 ራሱ እኮ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም ይፈቅዳል። ውሉ ላይም ተጽፏል።

ጋሽ ተፈራ፦ መጻፉ አይበቃም። የሥራ ብዛት ማለት ትዕዛዙ በድንገት ሲጨምር ሁለት መዝጋቢ የነበረበት ላይ ሦስተኛ መጨመር፣ ሲረግብ ደግሞ ማሰናበት ነው። እዚህ አንድ ወንበር ነው ያለው። ከእሷ በፊት ሰው ነበረበት፣ ከእሷ በኋላም ሰው አለበት። ምኑ ላይ ነው የተደራረበው?

ደግሞ አንድ ነገር አለፋችሁ። የታሪኩ ሁኔታ በአንቀጽ 10 በግልጽ ተጽፏል፤ ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለዘለቄታው ሲለቅ ቦታውን በጊዜያዊነት መሸፈን። ሲፈቅድ ግን ገደብ አስቀምጧል፤ ከ45 ተከታታይ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ። አሠሪው በዚህ ምክንያት ቢከራከር እንኳ ገና የመጀመሪያው የሦስት ወር ውል ከገደቡ አልፏል። ስድስቱን ለሙግት ማንሳትም አያስፈልግም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ይህቺን አላየኋትም። ግን በመሀል ያሉት አምስት ቀናትስ? ግንኙነቱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ራሄል፦ ፎቶዎቹን ለዚህ ነው ያስገባኋቸው! «ዕረፍት ላይ ነበረች» በተባለበት ቀን መረከቢያው ላይ የሷ ፊርማ አለ። የቴሌግራሙ መልእክት ቀንና ሰዓት አለው።

ጋሽ ተፈራ፦ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቁልፉን ያስረከበችበት ሰነድ አለመኖሩም ይረዳታል። ብቻ ስልኳን ከመቀየሯ በፊት በሌላ ቦታ ታስቀምጠው። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቢኒያም፦ እኔ ግራ ገባኝ። መንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ አንቀጽ 9 ልክሰስ እንዴ?

ጋሽ ተፈራ፦ አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይገዛም፤ የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አለው። የልማት ድርጅት ከሆነ ግን እዚህ ይገባል። መጀመሪያ የቱ እንደሆንክ አጣራ።

ቢኒያም፦ ቢሮ ነው። በቃ፣ የኔ ነገር አይሆንም።

ሜሮን፦ ጋሽ ተፈራ፣ ሕይወት እኮ አሥር ሳምንት ጠብቃለች። አልዘገየችም?

ጋሽ ተፈራ፦ የታሪኩ አስፈሪ ቦታ ይሄ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ ደግሞ ስድስት ወር ነው። «እንደውላለን» የሚለውን ቃል ይርጋ አይቆጥርላትም። ሦስት ሳምንት ገደማ ይቀራታል። ዛሬ ክሱን መጻፍ አለባት። የሥራ ክርክር ላይ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፤ ገንዘብ የለኝም ብላ እንዳትቀር።

ዳዊት፦ ብትመለስስ? አለቃዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ… እኔ በቦታዋ ብሆን ካሳውን ወስጄ እሄዳለሁ።

ጋሽ ተፈራ፦ ያም መንገድ አለ። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለና ካልተመለሰች፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ ነው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝም ይጨመራል። እንዲያውም እሷ ልመለስ ብትልም፣ ግንኙነቱ ከባድ ችግር ያመጣል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በካሳ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ክሱ ላይ መመለስን፣ ካልሆነም ካሳን ብላ በአማራጭ ትጠይቅ።

ሜሮን፦ እኔ ግን መመለስ አለባት ነው የምለው። ካሳ ተቀብላ ከሄደች ወንበሩ በሦስት ወር መዞሩን ይቀጥላል።

ዳዊት፦ ሜሮን፣ የሰው ኑሮ ለመፈክር አይሆንም። ደግሞ ትዕዛዝ ሲቋረጥብን ቋሚ ሠራተኛ በምን ልክፈል? ይህንንም አስቡ።

ጋሽ ተፈራ፦ ለዚያ የሠራተኛ ቅነሳ የሚባል ሥርዓት አለ ዳዊት። አድካሚ ነው፣ አልክድም። ከኮንትራቱ ግን ሐቀኛ ነው።

ዳዊት፦ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሞክረውት ያውቃሉ?

ራሄል፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ታሪኩን ያቆምኩት ሕይወት ክሱን ይዛ መዝገብ ቤት ሰልፍ ላይ እንዳለች ነው። ከዚያ መቀጠል አቃተኝ። ወደ ሥራ ከተመለሰች አዲሷ ልጅ ትነሳለች ማለት አይደለም? እሷም እኮ 45ቱን ቀን አልፋለች።

ሜሮን፦ እህ… ይሄንን አላሰብኩትም።

ጋሽ ተፈራ፦ መከራከሪያው ለእሷም ይሠራል። ወንበሩ ግን አንድ ነው። ምስክር እንድትሆን ብትጠይቃት እሺ የምትል ይመስላችኋል?