ታሪኬን ከየት ልጀምር፣ ምኑንስ ልተው?

ቡና ላይ ወሬ ስጀምር አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አድማጮቼ ስልካቸውን ያወጣሉ። ባለፈው እሑድ የደሴ መንገዴን ለቤተሰቤ ሳወራ የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ወደ ደሴ ስሄድ ደብረ ሲና ላይ ለቁርስ ወረድን። በልቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። «ቁጥር 14 የእኔ ነው» ብዬ ተከራክሬ አስነሣኋቸው። ለካስ አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሌላ ኖሯል! ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግን ወሬውን የጀመርኩት ቲኬት ከቆረጥኩበት ቀን ነው። «ማክሰኞ ነበር፤ አይ፣ ረቡዕ» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እኅቴ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ደብረ ሲና ስደርስ የሚሰማኝ አልነበረም።

በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳጥሬ፣ «ተሳስቼ ሌላ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ሰው አስነሣሁ» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሁለቱ አውቶቡሶች በቀለም አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ሽማግሌውንም እንዴት እንደተቆጣኋቸው ስላልነገርኳቸው ይመስለኛል። እንግዲያው ቀኑና ቲኬቱ ይውጡ፣ ቀለሙና ቁጣዬ ይግቡ ማለት ነው?

የቸገረኝ ሌላም አለ። አውቶቡሱ ሌላ መሆኑን መጀመሪያ ልናገር ወይስ እስከ መጨረሻው ልደብቀው? ደግሞስ አጎቴ መሐል ላይ «ቁርሱ ምን ነበር?» ብለው ሲያቋርጡኝ (ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም) ሳላስቀይማቸው እንዴት ወደ ታሪኩ ልመለስ? እባካችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደምትጀምሩት ጻፉልኝ። የፊታችን እሑድ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው።