ባለቤቴ ታሞ ተኝቷል፦ የሕመም ፈቃዱ ይበቃል ወይስ ጡረታ እንጠይቅ?

የቡሬዋ (ጠያቂ)፦ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለቤቴ እዚሁ ቡሬ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ አራት ዓመቱ ነው። በጀርባ ዲስክ ከመስከረም 10 ጀምሮ ተኝቷል። የመጀመሪያው ወር 8,000 ብር ሙሉ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሆነ። አሁን ደግሞ «ከኅዳር 1 እስከ 3 የሐኪም ወረቀት የለውም» ብለው ሊቆርጡበት ነው። ጎረቤት «ጡረታ ይቆረጥበት የለ? የአካል ጉዳት ጡረታውን ጠይቁ» ይለናል። የቱን እንያዝ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦ እግዚአብሔር ይማረው። ግማሽ መክፈላቸው ስህተት ነው። እኔ ስታመም ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ተከፍሎኛል፤ ግማሹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቤት በሉ።

ዳንግላ 21፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አላችሁ? እኛ እናቴን ያሳከምነው በሱ ነው። ደብተሩን ካላደሳችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ አሳድሱ።

የሰው ሀብት ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ ዳንግላ፣ መድኑ የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው። እህታችን የምትጠይቀው የደመወዙን ነገር ነው። መምህር፣ ያንተ የመንግሥት ሠራተኛ ሕግ ነው። ፋብሪካው የግል ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይተዳደራል፤ እዚያ ላይ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ወር ብቻ ነው።

እህቴ፣ በባለቤትሽ እንቁጠረው። ከመስከረም 10 እስከ ጥቅምት 9 ሙሉ 8,000 ብር። ከጥቅምት 10 እስከ ታኅሣሥ 9 በየወሩ 4,000 ብር። ከታኅሣሥ 10 እስከ መጋቢት 9 ደግሞ ፈቃዱ አለ፣ ክፍያ ግን የለም። ስለዚህ እስካሁን የከፈሉት ልክ ነው። ከታኅሣሥ በፊት ተዘጋጁ የምልሽም ለዚህ ነው። ቆጠራው ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ይጀምርና በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አያልፍም። መሃል ላይ ገብቶ ሠርቶ እንደገና ቢታመም እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ሀ ተብሎ አይጀመርም።

ይህን ገንዘብ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። ከደመወዙ በየወሩ የሚቆረጠው ጡረታ ለአጭር ጊዜ ሕመም አይከፍልም። ጎረቤትሽ ያለው የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባለው ነው። እሱ ደግሞ ሰውየው በጤናው ምክንያት ከሥራ ለዘለቄታው ሲሰናበት የሚመጣ ነው፤ የሕክምና ቦርድ ውሳኔም ይፈልጋል። በየወሩ ለመከፈል አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። አራት ዓመት ያለው ሰው የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። እንግዲህ ሊድን የሚችል ሰው ሥራውን ለቆ ያንን ይውሰድ? እኔ አልመክርም።

ሲስተር ነኝ፦ የወረቀቱን ነገር ልናገር። በየቀኑ የማየው ነው። ሐኪሙ በፈረንጅ ቀን 10/11 ብሎ ይጽፋል፣ ቢሮው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 10 ብሎ ያነበዋል። እስኪ መጀመሪያ ወረቀቱን እዪው። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ ማኅተሙም በደንብ ይነበብ። «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ የሚል ወረቀት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የቡሬዋ፦ አየሁት። የፊተኛው 9/11 ላይ ያበቃል፣ በኛ ጥቅምት 30 ማለት ነው። የኋለኛው ከኅዳር 4 ይጀምራል። ቀጠሮው ኅዳር 1 ነበር። ሄደን ሐኪሙ የለም ተባልንና ኅዳር 4 ተመለስን።

ሲስተር ነኝ፦ እንግዲያው ክፍተቱ እውነት ነው። ኅዳር 1 ስትሄዱ ካርድ ወጥቶ ከሆነ መዝገቡ ላይ አለ። ሐኪሙን «የኋላ ቀን ጻፍልን» እንዳትሉት፤ አይጽፍም፣ ቢጽፍም ያስጠይቀዋል። ይልቅ «በዚህ ቀን ለቀጠሮ መጥቶ ነበር፣ ሕክምናውም አልተቋረጠም» የሚል ማስረጃ ጠይቁት። ከእንግዲህ ደግሞ ዕረፍቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሂዱ።

የሰው ሀብት ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ በዚያ ማስረጃ እኔ ብሆን ሦስቱን ቀን እቀበላለሁ። የናንተ ቢሮ ምን እንደሚል ግን እነሱን ነው መጠየቅ። በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱበት።

አንድ የምጠይቅሽ አለ። ዲስኩ የወጣው በርሜል ወይም ጆንያ ሲያነሳ ነው?

የቡሬዋ፦ ሥራው ጆንያ መሸከም ነው። ግን አንድ ቀን ወደቀ የምለው የለም። ወገቡን ይለው ነበር፣ እየባሰበት መጣ።

የሰው ሀብት ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ቢባል ሌላ ሒሳብ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሦስት ወር ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ስድስት ወር ግማሽ ይከፈላል። ቋሚ ጉዳት ሆኖ ከሥራ ቢሰናበትም ጡረታው አሥር ዓመት አይጠብቅም። ግን ቀስ በቀስ የመጣን የወገብ ሕመም ከሥራው ጋር ማያያዝ ክርክር አለበት። ሐኪሙ መንስኤውን በካርዱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ አጣሪ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦ የእኔ የመንግሥት መሆኑን አላሰብኩም ነበር። የወንድሜ ልጅም በወገቡ አንድ ዓመት ተኝቶ ተነሥቷል፣ አይዟችሁ።

የቡሬዋ፦ ሰኞ ካርዱን አስወጥቼ እጽፍላችኋለሁ። መንስኤ የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ሐኪሙ አሁን ሊሞላው ይችላል?