ፔስት ቀየርኩ፣ ኬዙ ሲዘጋ ግን ሲፒዩው አሁንም 91 ይገባል

ሰላም ወገኖች፣ ዴስክቶፔ ኮር አይ 5 8400 ነው፣ ኩለሩ አብሮት የመጣው ትንሹ፣ ፔስቱ ከተገዛ ጀምሮ ተነክቶ አያውቅም። ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ 100 ዲግሪ ይነካና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንስ ነበር። ኩለሩን ስነቅለው ፔስቱ እንደ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በአልኮልና በሶፍት ጠርጌ አተር የምታክል አዲስ መሃል ላይ አድርጌ ገጠምኩት፣ አራቱም እግሮች ከማዘርቦርዱ ጀርባ በደንብ ወጥተው ይታያሉ።

አሁን ዝም ብሎ ሲቀመጥ 38 ነው። ሬንደር ላይ ግን የኬዙን ጎን ከፍቼ 79 ላይ ይቆማል፣ ስዘጋው ቀስ እያለ 91 ይደርሳል፣ ስለዚህ ፔስቱ ደህና ነው የጎደለው አየር ነው ባይ ነኝ። የፊት ሽፋኑ ድፍን ፕላስቲክ ስለሆነ አየር የሚገባው በጎንና ጎኑ ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ብቻ ነው፣ ከሽፋኑ ኋላ አንድ ፋን አየር ያስገባል፣ ከኬዙ ጀርባ ደግሞ አንድ ያስወጣል። ሽፋኑን አውልቄ ጎኑን ዘግቼ ስሞክር 83 ሆነ፣ ግን ቤቴ መንገድ ዳር ነው፣ አቧራው እንደዛ አያስቀምጥም (ማጣሪያውን አጥቤዋለሁ)።

ትርፍ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን አንድ አለኝ፣ ሽፋኑ እንዳለ ሆኖ ፊት ለፊት ሁለተኛ ማስገቢያ ላድርገው ወይስ ከላይ ማስወጫ?