ከተደጋጋሚ የቢሮ ሥራዎቼ የትኛውን ላስቀድም?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራቸው ለማድረግ አስቤ የሚደጋገሙ የቢሮ ሥራዎቼን ኤክሴል ላይ ዘረዘርኩ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚፈጀውን ጊዜና በዓመት ስንቴ እንደሚሠራ ጽፌ አባዛሁ። ሁለቱ ከሌሎቹ ጎልተው ወጡ፤ ምርጫው ላይ ግን ግራ ገብቶኛል።

አንደኛው ከየክፍሉ የሚመጣውን የሥራ ሰዓት ፋይል በየሳምንቱ ወደ አንድ ማዋሃድ ነው። 90 ደቂቃ ይወስዳል፣ በዓመት 78 ሰዓት። ሁለተኛው በየሥራ ቀኑ የሚደርሱኝን ፋይሎች በቀንና በክፍል ስም ሰይሞ ፎልደራቸው ውስጥ ማስገባት ነው። 10 ደቂቃ ቢሆንም በዓመት 43 ሰዓት ገደማ ይበላል።

በድምሩ ከሄድን ማዋሃዱ ይቀድማል። ግን ከ90 ደቂቃው ኮፒ ማድረጉ 20 ብቻ ነው። ቀሪው ስም ማመሳከር ነው። አንዱ ክፍል የአባት ስም ይጽፋል፣ ሌላው ይተወዋል። `XLOOKUP` ታዲያ `#N/A` ብሎ ቁጭ ይላል። `TRIM` ትርፍ ክፍተት ያጠፋል እንጂ የጎደለ ስም አይሞላም። ስለዚህ ኮፒውን ብቻ ለፓወር ኩዌሪ ብሰጠው የማተርፈው 17 ሰዓት ነው፤ ፋይል ከመሰየሙ በታች! መሰየሙ ደግሞ ውሳኔ ስለሌለበት አጭር ስክሪፕት ይበቃዋል።

እኔ መሰየሙን ላስቀድም አስቤያለሁ። ወይስ መጀመሪያ ክፍሎቹ በስም ፈንታ የሠራተኛ መለያ ቁጥር እንዲሞሉ አድርጌ ወደ ማዋሃዱ ልግባ? የተለያዩ ክፍሎችን አንድ ፎርም ያስለመዳችሁ ካላችሁ፣ አሮጌውን ፎርም መላካቸውን እንዴት እንዳስቆማችሁ ብትነግሩኝ በጣም ደስ ይለኛል።