የሆቴሉ ሞዴልና ቆጣሪው አልናበብ አሉኝ፤ የቱን ልንካ?

ሄኖክ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለ 40 አልጋ ሆቴል የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሞዴል EnergyPlus በሚባለው የሕንፃ ኃይል ማስያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። የክፍል ማሞቂያም ኤሲም የለውም። የዓመቱ ድምር ከቆጣሪው በ3 በመቶ ብቻ ይለያል፤ በየወሩ ሲታይ ግን የስህተቱ መለኪያ CV(RMSE) 31 በመቶ ነው። ጥር ላይ ቆጣሪው ይበልጣል፣ ሐምሌ ላይ ሞዴሉ። ግድግዳውንም በስንጥቅ የሚገባውንም አየር ቀያየርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ከየትኛው ልጀምር?

ዳዊት
ASHRAE Guideline 14 በወር ንባብ የሚፈቅደው 15 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ገና ነህ። የአየር ሁኔታ ፋይልህን አየኸው? የተለመደው ፋይል ከተለያዩ ዓመታት የተለቃቀመ ነው። ቆጣሪው የተነበበበትን ዓመት አስገባና የሚገባውን አየር እንደገና ሞክር። እኔ ሁሌ የምጀምረው ከሱ ነው።

ጋሽ ታደሰ
ልጄ፣ አትድከም፤ ቆጣሪው ነው። እኔም ወፍጮ ቤቴ ላይ እንዲሁ ሲበዛብኝ ከረመ። ኋላ ሲታይ ንባቡ በ40 መባዛት ሲገባው በሌላ ቁጥር ይባዛ ነበር። ማመልከቻ አስገባ።

ሰላማዊት
ጋሽ ታደሰ፣ የማባዣውስ ነገር እውነት ነው፣ ሄኖክ አንዴ ይየው። ግን ማባዣ ከተሳሳተ ሁሉም ወር በእኩል ይዛባል እንጂ ጥር ወጥቶ ሐምሌ አይወርድም።

ዳዊት፣ ኤሲ ላለው ሕንፃ ያልከው ልክ ነው። እዚህ ግን ግድግዳው ቢግልም ቢቀዘቅዝም ቆጣሪው አያውቀውም። ኤሌክትሪክ የሚበላው ቦይለሩ፣ ምጣዱ፣ ልብስ ማጠቢያውና መብራቱ ነው። እነሱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ እንግዳ ነው።

ሄኖክ፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። ሞዴሉ ላይ ስንት አልጋ ተይዟል ብለሃል? አንባቢው የመጣባቸው ቀኖች መቼ ናቸው? የቧንቧ ውሃ ሙቀት የሚገባበትን Site:WaterMainsTemperature ሞልተሃል?

ሄኖክ
ዓመቱን ሙሉ 75 በመቶ ነው ያልኩት። «የጥር» ቢል ከጥር 4 እስከ የካቲት 9 ነው። ሦስተኛውን አልሞላሁም።

ሰላማዊት
በቃ፣ ተገኘ። የጥር ቢልህ 35 ቀን ነው፤ አንተ ግን ከሞዴሉ ጃንዋሪ ጋር ነው ያወዳደርከው። የሞዴሉን የቀን ውጤት በአንባቢው ቀኖች ቁረጠው። ውሃውን ካልሞላህ ፕሮግራሙ 10 ዲግሪ ነው ብሎ ይወስዳል። ጎንደር ላይ የቧንቧ ውሃ ወደ 20 ይጠጋል። 60 ሊትር ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት የሚበቃውን አንተ 2.1 አስበልተኸዋል። የዓመቱ ድምር የገጠመልህ ምናልባት አንዱ ስህተት ሌላውን ስለሸፈነ ነው።

አሁን ከሪሴፕሽን የአልጋ መዝገቡን አምጣ።

ሄኖክ
ጥር፦ 35 ቀን፣ በአዳር ሲደመር 1,000 አልጋ ተይዟል፣ 10,650 ኪሎዋት ሰዓት። ሐምሌ፦ 30 ቀን፣ 400 አልጋ፣ 5,700።

ሰላማዊት
```
35a + 1000b = 10650
30a +  400b =  5700
a = 90,  b = 7.5
```
እንግዳ ኖረም አልኖረ በቀን 90 ይሄዳል፤ የተያዘ አልጋ ደግሞ በአዳር 7.5 ይጨምራል። 90ው ለ24 ሰዓት ሲካፈል 3.75 ኪሎዋት ነው። እንግዳ በሌለበት ሌሊት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቆጣሪውን ራስህ አንብብ። ወደዚያ ከተጠጋ ባዶ ክፍሎች ውስጥ ቦይለር ተሰክቶ እንደሚያድር ጠርጥር። ከሁለት ወር ሁለት ቁጥር ማውጣት ግን ሁልጊዜ ይገጥማል፣ አትመነው። ሦስተኛ ወር ሞክርበት።

ሄኖክ
ሚያዝያ፦ 28 ቀን፣ 500 አልጋ። በስሌቱ 6,270 ይመጣል። ቆጣሪው 7,100 ይላል። 830 ጎደለ።

ትዕግስት
አዳራሽ አለው እንዴ? እኔ ሆቴል ቤት ሠርቻለሁ። ሚያዝያ የሰርግ ወር ነው። አንድ ሰርግ ሲኖር ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ምጣድ አይጠፋም። ያደሩት እንግዶች ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ሄኖክ
አለው! የአዳራሹ ደብተር ሌላ ነው፣ አላየሁትም።

ሰላማዊት
እህቴ፣ ይሄ እኔም ያመለጠኝ ነው። ጥርም የሰርግ ወር ስለሆነ 7.5ቱ ውስጥ ምጣድ ተደብቋል ማለት ነው። ሰርጉን ለብቻ አውጣውና በ12ቱም ወር እንደገና አስላ። መጀመሪያ ቀኖቹን፣ ቀጥሎ የውሃውን ሙቀት፣ ከዚያ አልጋውንና ሰርጉን። ግድግዳውን ወደ መጀመሪያው መልሰህ ተወው።

ዳዊት
እሺ፣ ተረታሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚሸፍነውስ? ቆጣሪው እሱን አያየውም።

ሄኖክ
ናፍጣው የሚገዛው በበርሜል ነው፤ በየትኛው ወር ስንት እንደነደደ የጻፈ የለም።

ሰላማዊት
እሱ ላይ እኔም መላ የለኝም። የጠፋባቸውን ሰዓቶች ጥበቃው የሚያስታውስ ከሆነ ጠይቀው።