በአንድ ሴቲንግ ያሳደግኳቸው ሶስት ኤስዲ ቪዲዮዎች ለምን እንዲህ ተለያዩ?

ናቲ_ሪል (ጠያቂ)
ሰላም ጓዶች፣ የድሮ የቤተሰብ ቪዲዮዎችን ወደ ኤችዲ እያሳደግኩ ነው። ሶስት ፋይል አለኝ። አንዱ ከሚኒ ዲቪ ካሜራ በኬብል የወረደ ነው፣ ሁለተኛው ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲቪዲ የተገለበጠ፣ ሶስተኛው ያው የቪኤችኤሱ ቀሪ ክፍል ሆኖ ዘመድ በኤምፒ4 የላከልኝ ነው። ሶስቱንም በአንድ የኤአይ አፕስኬለር በአንድ ሴቲንግ አሳለፍኳቸው። የመጀመሪያው ምርጥ ወጣ፣ ሁለተኛው ላይ የሰው ፊት ሰም መሰለ፣ ሶስተኛው ላይ ደግሞ ሰው እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ጠርዙ ላይ የተቆራረጠ አግድም መስመር ይታያል። ሶስቱም ኤስዲ ናቸው አይደል? ታዲያ ምን ለያያቸው?

ኪያ_ኤዲት
ብሮ ነገሩ ቢትሬት ነው በቃ። ዲቪ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ይጽፋል፣ ዲቪዲ ከ10 በታች ነው፣ በስልክ የሚላከው ደግሞ አይወራም። ሁለተኛውን መጀመሪያ ሻርፕን አድርገው ከዛ አሳድገው፣ ካልሆነም 4ኬ አውጥተህ ወደ 1080 መልሰው ይስተካከላል።

ጋሽ_ቴፕ
ኪያ ስለ ቢትሬቱ ያልከው ልክ ነው ግን ዋናው እሱ አይደለም፣ ሻርፕኑን ደግሞ ባታደርገው ይሻላል ናቲ፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ዲቪዲውም ዲቪውም ፋይሉን ስትከፍተው 720 በ576 ይልሃል አይደል? እሱ የሳጥኑ መጠን ነው እንጂ ውስጡ ያለው ዝርዝር አይደለም። ቪኤችኤስ ካሴት ወደ ጎን መያዝ የሚችለው ወደ 240 መስመር ገደማ ነው፣ ሚኒ ዲቪ ግን ወደ 500 ይደርሳል። ቀለሙማ ይብሳል፣ ቪኤችኤስ ላይ ቀለም የሚቀመጠው ከዛም በጣም ባነሰ ዝርዝር ስለሆነ ነው ቀይ ልብስ ከጠርዙ አልፎ ሲፈስ የምታየው። ስለዚህ ካሴቱን 720 ላይ ስትገለብጠው እያንዳንዱ እውነተኛ ነጥብ ሁለት ሶስት ፒክስል ላይ ተለጥጦ ነው የሚቀመጠው።

አሁን አፕስኬለሩ ጋ እንምጣ። እነዚህ ሞዴሎች ባብዛኛው የተማሩት ጥርት ያለ ትልቅ ምስል እየተሰጣቸው፣ እሱው ተቀንሶና ተበላሽቶ ደግሞ በትንሹ እየተሰጣቸው ነው። ትንሹም ቢሆን ግን ፒክስል ከፒክስል በደንብ ይለያል። የዲቪ ካሜራ ምስል ለዛ ስለሚቀርብ ስራውን ያውቀዋል። የካሴቱ ምስል ግን ራሱ ድብዝዝ ነው፣ ከላዩ ላይ ያለው ሹል ነገር የቴፑ ኖይዝ ብቻ ነው። ሞዴሉ ኖይዙን ዝርዝር ነው ብሎ ይስለዋል፣ እውነተኛውን ፊት ደግሞ ለስላሳ ነገር ነው ብሎ ያለሰልሰዋል። ሰሙ ከዛ ነው የመጣው። ሻርፕን ብታደርግበት ኖይዙን ነው የምታጎላለት፣ 4ኬ ብታወጣውም ያንኑ የተሳለ ነገር ነው አሳንሰህ የምታየው።

ሶስተኛው ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን ሳላይ አልናገርም። ሶስቱንም ላይ ይቺን አሂድና መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን Multi frame የሚለውን መስመር ላክልኝ፤ ሰው የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ቆርጠህ ስጠው፣ ቆሞ የሚታይ ምስል ምንም አይነግርህም።

```
ffmpeg -i file.avi -vf idet -frames:v 500 -an -f null -
```

ሊዲ90
እኔም እንደዚሁ ነኝ፣ የድሮ ስልክ 3ጂፒ ቪዲዮ አለኝ 176 በ144 የሆነ፣ ይሄን ኮማንድ እኔም ላሂደው? ኤችዲ ይሆናል?

ጋሽ_ቴፕ
ሊዲዬ ያንቺ አያስፈልገውም፣ የስልክ ቪዲዮ ሙሉ ፍሬም ነው፣ እንደ ካሴት ባለ ግማሽ መስመር አይደለም። ችግርሽ ሌላ ነው፣ ከ144 ወደ 1080 ሰባት እጥፍ ተኩል ነው፤ ሙሉ ቁመናው የሚታይ ሰው ፊቱ ከአስራ ምናምን ፒክስል አይበልጥም፣ ኤአይ ቢሰራልሽ የሚስልልሽ የማታውቂውን ሰው ፊት ነው። ሁለት ወይ ሶስት እጥፍ ብቻ አሳድጊውና እዛው ተዪው።

ናቲ_ሪል
አሂጄዋለሁ ጋሽ፣ ይሄው።

```
dv.avi     TFF: 0    BFF: 486  Progressive: 6    Undetermined: 8
kaset.vob  TFF: 471  BFF: 0    Progressive: 12   Undetermined: 17
zemed.mp4  TFF: 9    BFF: 4    Progressive: 388  Undetermined: 99
```

የመጨረሻው ፕሮግሬሲቭ ነው እያለ ነው፣ ታዲያ መስመሩ ከየት መጣ?

ጋሽ_ቴፕ
እንደጠረጠርኩት ነው። ሶስቱም ሲቀረጹ ኢንተርሌስድ ነበሩ፣ ማለት አንዱ ፍሬም ውስጥ ጎዶሎ መስመሮቹ አንድ ቅጽበት፣ ሙሉ መስመሮቹ ከሱ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ የራቀ ሌላ ቅጽበት ናቸው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ፊልድ ይባላል። ዲቪው የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል፣ ዲቪዲው የላይኛውን፣ ይሄ የተለመደ ነው። ሁለቱ ፋይሎች ኢንተርሌስድ ነኝ ብለው ስለሚናገሩ አፕስኬለርህ ራሱ ፈትቷቸው ይሆናል። የዘመድህ ፋይል ግን መጠኑ ስንት ነው? 640 በ480 ነው ብዬ እገምታለሁ።

ናቲ_ሪል
እንዴት አወቅክ? ልክ ነው።

ጋሽ_ቴፕ
እዛ ላይ ነው የሞተው። የሆነ ፕሮግራም ፊልዶቹን ሳይፈታ 576ቱን መስመር ወደ 480 አሳንሶታል። ሲያሳንስ የሁለቱ ቅጽበት መስመሮች ተደባለቁ፣ አሁን የትኛው መስመር የማን እንደሆነ የሚለይ ነገር የለም፣ ለዛ ነው idet ራሱ ፕሮግሬሲቭ ብሎ የሚያልፈው ወይ መቶ ገደማውን አላውቅም የሚለው። ኤአይ ደግሞ ያንን ድብልቅ መስመር እንደ ዕቃ ጠርዝ አይቶ አድምቆ ሳለልህ። ፋይሉ ቁመቱ 576 እንደሆነ ቢቀር ኖሮ ፕሮግሬሲቭ የሚል ታግ ቢኖርበትም አስገድደን እንፈታው ነበር። አሁን ግን መፍትሄው ካሴቱን ፈልጎ እንደገና መገልበጥ ብቻ ነው፣ QTGMC የሚባለው ፊልድ መፍቻ ፊልተር ትንሽ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ዲቪዲውን ግን እንሞክር። መጀመሪያ ፊልዶቹን ፍታ፣ ከዛ ምስሉን ወደ እውነተኛ ዝርዝሩ አሳንሰው፣ አዎ አሳንሰው፣ ከዛ ነው ለኤአይ የምትሰጠው።

```
ffmpeg -i kaset.vob -vf "bwdif=mode=send_field:parity=tff,scale=384:288:flags=area,setsar=1" -c:v ffv1 -c:a flac out.mkv
```

384 በ288 ላይ ሲሆን ድብዝዙ ይጠፋል ኖይዙም በግማሽ ይሟሟል፣ ምስሉ ሞዴሉ ለሚያውቀው ነገር ይቀርባል። አራት እጥፍ ስታሳድገው 1536 በ1152 ይመጣል፣ እሱን ወደ 1440 በ1080 ትመልሰዋለህ።

ሰላም_ከለር
ጋሽ በዚህ ነገር አልስማማም ይቅርታ። ቪኤችኤስ የሚደክመው ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ታች መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ 288 ላይ ስታወርደው እውነተኛ ዝርዝር ነው የምትጥለው። ወርዱን ብቻ 352 አድርጎ ቁመቱን 576 ላይ መተው፣ ኖይዙን በዲኖይዝ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ከዛ በተራ ላንዞስ ማሳደግ ለኔ የተሻለ ነው። ፊቱ አይጠራም ግን የሰውዬው ፊት ነው።

ናቲ ከሁሉ በፊት ግን ይቺን ሞክር። አንድ ፍሬም ወደ 352 በ576 አሳንስና መልሰህ 720 ላይ ዘርጋው፣ ከዋናው ጎን ለጎን አስቀምጠህ እየው። ልዩነት ካልታየህ ከ352 በላይ ወደ ጎን ምንም አልነበረም ማለት ነው። የዲቪውን እንደዛ ብታደርገው ፀጉርና ጽሁፍ ላይ ወዲያው ታውቀዋለህ።

ሌላው ማንም ያላነሳው ነገር፣ 720 በ576ን በቀጥታ 1920 በ1080 እንዳታደርገው ሰው ሁሉ ይወፍርብሃል። ቪዲዮው 4 በ3 ከሆነ 1440 በ1080 ነው፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን ምንም አይደለም። ቀለሙንም ቀይረው፤ ኤስዲ በ601 ነው የሚሰራው ኤችዲ በ709፣ ሳትቀይረው ካወጣኸው ፊት ወደ ብርቱካናማ፣ ሳር ወደ ሌላ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሰው ደግሞ አፕስኬለሩ ነው ያበላሸው ይላል። ለዲቪው ይሄ ይበቃሃል፣ ኤአይም አያስፈልገው፦

```
ffmpeg -i dv.avi -vf "bwdif=mode=send_field:parity=bff,scale=1440:1080:flags=lanczos:in_color_matrix=bt601:out_color_matrix=bt709,setsar=1" -colorspace bt709 -c:v libx264 -crf 17 dv_hd.mp4
```

ኪያ_ኤዲት
send_field ስትሉ 50 ፍሬም ነው የሚወጣው አይደል? ለኔ እንደዛ ሲሆን የድራማ ካሜራ ይመስለኛል፣ 25 ይሻላል።

ሰላም_ከለር
ካሜራው መጀመሪያም በሰከንድ 50 ቅጽበት ነው የቀዳው፣ 25 ስታደርገው ግማሹን እንቅስቃሴ ነው የምትጥለው። ዲቪዲው ከፊልም የተወሰደ ቢሆን ሁለቱ ፊልድ አንድ ቅጽበት ስለሆነ 25 ልክ ነበር፣ እሱ ዲኢንተርሌስ ማድረግም፣ ማለት ፊልዶቹን መፍታትም አያስፈልገውም ነበር፣ ለዛ ነው የፊልም ዲቪዲ ሁሌ አምሮ የሚያድገው። በዓይን ላይ 25 ከወደድክ ግን ያንተ ምርጫ ነው።

ናቲ_ሪል
የሁለታችሁንም ሞከርኩት። የሰላምን የ352 ፈተና ቪኤችኤሱ ላይ ልዩነት አጣሁበት፣ ዲቪው ላይ የግድግዳ ጽሁፍ ሁሉ ጠፋ። በጋሽ መንገድ ካሜራው ቀርቦ የቀዳቸው ፊቶች በጣም ተሻሻሉ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ከሩቅ የሚታይበት ላይ ግን አሁንም ዓይን ከቦታው ይንሸራተታል፣ ከፍሬም ፍሬም ፊቱ ይቀያየራል። በሰላም መንገድ አይንሸራተትም ግን ድብዝዝ ነው።

ጋሽ_ቴፕ
እንግዲያው ሁለቱን ደርባቸው። ኤዲተርህ ላይ የሰላምን ከታች፣ የኤአዩን ከላይ አድርገህ ኦፓሲቲውን 40 ወይ 50 ላይ አውርደው፤ ፍሬም ቁጥራቸው አንድ መሆኑን ግን መጀመሪያ አረጋግጥ። ቀርበው የተቀዱት ላይ ከፍ አድርገው፣ የሩቁ ላይ ዜሮ ብታደርገውም ማንም አይከስህም። ሰላም ስለ ቁመቱ ያልሽው እውነት አለው፣ ካሴቱ ጥሩ ሲሆን እኔም 288 አላወርደውም። ይሄ ግን ዲቪዲ ላይ ተጨምቆ ያለፈ ስለሆነ ቁመቱም ላይ ብዙ የተረፈ አይመስለኝም።

ሰላም_ከለር
እኔ አሁንም ይተርፋል ባይ ነኝ፣ ፍሬሙን ቢልክልን እናየው ነበር።

ናቲ_ሪል
ማታ እልካለሁ። ዘመዴ ደግሞ ዋናው ካሴት እጄ ላይ አለ ብሏል፣ ስንገለብጠው ምን ልንገረው?

ጋሽ_ቴፕ
መገልበጫው ሶፍትዌር ላይ ዲኢንተርሌስ የሚል ካለ ያጥፋው፣ 720 በ576 ላይ ያድርገው፣ ቁመቱን ምንም ነገር እንዳይነካው። ኮዴኩ ሎስለስ ይሁን፣ ሃፍዋይዩቪ ወይ ኤፍኤፍቪ1። በሰዓት ብዙ ጊጋ ይበላል፣ ሃርድ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ይጠብቅ። ስር ላይ የሚንቀጠቀጡ ጥቂት መስመሮች ቢያይ አይደንግጥ፣ የቪኤችኤስ ሄድ ሲቀያየር ነው፣ ኋላ እንቆርጠዋለን። ፋይሉን ሲልክልህ ግን በፍላሽ ይስጥህ፣ በስልክ እንዳይልከው።

ሊዲ90
የኔን ሶስት እጥፍ አደረግኩት፣ 528 በ432 ሆነ፣ ቲቪ ላይ ከበፊቱ ይሻላል። ድምፁ ግን ከከንፈር ቀደመ፣ እሱንስ ማን ያውቃል?