የጊታር ካፖና የቢ ፍላት ትራምፔት፦ በቁልፍ ምርጫ ላይ የእርዳታ ጥያቄ

ውድ የሙዚቃ ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ለሚካሄድ ሠርግ አንድ የትዝታ ማይነር ዜማ እያዘጋጀን ነው። ጊታሪስቱ ካፖውን 3ኛው ፍሬት ላይ አድርጎ የኤ ማይነርን ቅርፅ ሲይዝ የሚሰማው ሲ ማይነር ነው። የቢ ፍላት ትራምፔት ደግሞ ከተጻፈለት ኖታ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ከጊታሪስቱ ጣቶች ሳይሆን ከሚሰማው ድምፅ ተነሥቼ በዲ ማይነር ጻፍኩለት፤ አምስቱ ድምፆችም ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ እና ቢ ፍላት ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ መሣሪያዎች በሚገባ ይስማማሉ።

የተቸገርኩት ዘፋኟ ዜማው በግማሽ ድምፅ ከፍ እንዲልላት በመጠየቋ ነው። ለጊታሩ ካፖውን ወደ 4ኛው ፍሬት ማሻገር ይበቃል፤ ትራምፔቱ ግን ስድስት ፍላት ወዳለው ኢ ፍላት ማይነር ይገባል፣ ፈጣኑ ሐረግ ላይም የነፊው ጣቶች መዘግየታቸው በግልጽ ይሰማል። ካፖው 5ኛው ፍሬት ላይ ቢሆን ትራምፔቱ አንድ ሻርፕ ብቻ ባለው ኢ ማይነር ይጫወታል፣ ዘፋኟም ይህን እንደምትችለው ነግራኛለች። ይሁን እንጂ አሁን ከአምስቱ መስመሮች በላይ ኤ ላይ የተጻፈው የዜማው ጫፍ ወደ ቢ ስለሚወጣ፣ ነፊው እየደጋገመ ሲነፋው ከንፈሩ ይዝላል።

ያንን ሐረግ ብቻ አንድ ኦክታቭ ባወርደው የዜማው አካሄድ ይሰበር ይሆን፣ ወይስ ኢ ፍላት ማይነርን በዝግታ ማለማመዱ ይሻላል? በዚህ የሠራችሁ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ።